ቆቡን ያወለቀበት ፎቶ

እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ሳይለካ የተቆረጠ ጨርቅ መልሶ እንደማይገጥም ለተለማማጆቿ ስትነግር ትውላለች። የገዛ ቤቷን ፎቶ ግን ሳትለካ ቆረጠች።

ነገሩ የተጀመረው የሟች ባሏ ታላቅ እህት ሊጠይቋት መጥተው አልበም ሲያገላብጡ ነው። እትዬ ጸጉር ቤት አላቸው፤ ምላሳቸውም እንደ መቀሳቸው የሰላ ነው። ያን ዕለት አንድ ገጽ ላይ ሲደርሱ ማገላበጡን አቆሙ። ፎቶው ላይ ወንድማቸው ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ጸጉሩ በመድኃኒቱ ረግፎ ራሱ ባዶ ቀርቷል። ልጁ ክንዱን ተንተርሳ እንቅልፍ ወስዷታል።

«ይህን ስጪኝ» አሉ እትዬ። «እኔ ደግሞ ያን የብስክሌቱን እሰጥሻለሁ።»

የብስክሌቱን ፎቶ ስትለምናቸው ኖራለች። ባሏ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ብስክሌት ላይ ሆኖ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ የሚስቅበት ነው። ከሞተ ወዲህ ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣባት የታመመው ፊቱ ብቻ ስለነበር፣ ጤነኛው ፊት ናፍቋት ነበር። የአልበሙን ፕላስቲክ ገልጣ ፎቶውን ቀስ ብላ ላጠችው። ያነሳችበት ስልክ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ቅጂ ላስቀር አላለችም። ልጅቷንም አልጠየቀቻትም፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስለ ፎቶ ምን ታውቃለች ብላ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ፣ ሚጢጢ፣ ጸጉሯን ልትሠራ እትዬ ዘንድ ሄደች። ሚጢጢ ያላት አባቷ ነው፤ ዛሬ ቁመቷ የእናቷን ትከሻ አልፏል። ግማሽ ራሷ ተጎንጉኖ፣ ግማሹ እንደተበተነ ተመለሰች።

«ምነው?» አለች እናትየው።

«አባዬን ከመስታወቱ በላይ ሰቅለውታል። አንዷ ሴትዮ ‹ጸጉር ቤት ራሰ በራ ይሰቀላል እንዴ፣ ገበያ ያባርራል› አለች። ሁሉም ሳቁ።»

«እትዬስ?»

«ጓዳ ነበሩ፣ አልሰሙም።» ልጅቷ ቁጭ አለች። «ቆቡን የሚያወልቀው ለእኔ ብቻ ነበር። ‹ሌላ ሰው እንዲህ ሆኜ እንዳያየኝ› ብሎ ቃል አስገብቶኛል። የዚያን ቀን እንቅልፍ ወሰደንና አንቺ አነሳሽን። አሁን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ሰጠሽው።»

እናትየው የሆስፒታሉን ክፍል አስታወሰች። ፎቶውን ካነሳችበት ቀን በቀር እሷ በገባች ቁጥር ቆቡ ከራሱ አይጠፋም ነበር። በርዶት ነው ብላ ነበር የምታስበው። ከእሷም መደበቁን ዛሬ ገና ሰማች።

የብስክሌቱን ፎቶ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ልጅቷን ይዛ ሄደች። እትዬ ደንበኞቻቸውን ሸኝተው ወለል ይጠርጉ ነበር። ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«ተለዋውጠን ጨርሰናል እኮ! ደግሞስ የእኔ ወንድም አይደለም?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ። የእኔ ብቻ ያልሆነውን ነው የሰጠሁዎት። ፎቶው ላይ እሷም አለች፣ እሱም አለ።»

«እሱማ ሞቷል፣ ልጄ።»

«ለዚህ እኮ ነው። እምቢ ማለት አይችልም። የሚፈልገውን የነገረው ለእሷ ነው።»

እትዬ መጥረጊያውን አስደግፈው ቁጭ አሉ። «ለዘመድ ሁሉ በስልክ ልኬዋለሁ እኮ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ወዲያው እየደወሉ አጥፉልኝ ማለት ጀመሩ። የአጎት ልጅ የስልኩ መለያ ፎቶ አድርጎት ነበር፤ ይቅርታ ጠይቆ አጠፋው። አንዷ ዘመድ ግን ለሰዎች አስተላልፋዋለች፤ ለእነማን እንደሆነ አታስታውስም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ፎቶም እንደዚያው ሆነ።

እትዬ ስልኩን አስቀምጠው ፎቶውን ከግድግዳው አወረዱት። «ሲሞት አልደረስኩለትም» አሉ። «መንገድ ላይ ነበርኩ። እንዲህ ተኝቶ ሳየው የደረስኩ ይመስለኛል።»

ልጅቷ ፎቶውን ተቀብላ አየችው። እናትየው እሺ በያቸው ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«ዋናው ቤታችን ይቀመጥ» አለች ሚጢጢ በመጨረሻ። «ፎቶ ቤት አስቀድተን ትንሹን እንሰጥዎታለን። ግን መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ግድግዳ ላይም ስልክ ላይም አይሆንም። ሐሳቤን ከቀየርኩ ይመልሱልኛል።»

«እመልሳለሁ።»

«የብስክሌቱም ዋናው የእርስዎ ይሁን፣ እትዬ» አለች እናትየው። «ለእኔ ቅጂው ይበቃኛል። ለሌላ ሰው መስጠት ብፈልግ አስቀድሜ ለሁለታችሁም እነግራለሁ።»

ከዚያ እትዬ ማበጠሪያ አንስተው፣ የልጅቷን የቀረ ጸጉር ጎንጉነው ጨረሱ።

ከወራት በኋላ እናትየው የተጠገኑ ፎጣዎች ልታደርስ ጸጉር ቤት ገባች። ከመስታወቱ በላይ ባዶ ሚስማር አለ። አንዲት ደንበኛ ቀና ብላ አየችውና፣ ምን ተሰቅሎበት እንደነበር ጠየቀች።

«ፎቶ ነበር» አሉ እትዬ። «ባለፎቶው አልፈቀደም።»

መሳቢያውን ጥቂት ሳብ አድርገው ወደ ውስጥ አዩና፣ መልሰው ዘግተው ወደ ሥራቸው ዞሩ።