ለፈረንጅ ፋሲካ የተፈለጉ አውራዎች

ደብረ ታቦር ውስጥ ከእኔ ጓሮ የጠበበ ጓሮ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። በሬ ቢገባበት ዞሮ አይወጣም። እኔ ፈንታነሽ ግን ከዚያች ቁራሽ መሬት ያላወጣሁት ነገር የለም፤ በአጥሩ ሥር ጎመን፣ ከጎመኑ ዳር ነጭ ሽንኩርት፣ በተረፈው ላይ ዶሮ። ጎመኑን በእሾህ ከልዬ ነው ከዶሮዎቹ የማድነው። ጠላ ጠምቄ ስለምሸጥ አተላ አላጣም፤ አተላና የገብስ ግርድ ሲበላ የከረመ አውራ ደግሞ ሲያነሱት ክንድ ያዝላል።

ጣሊያን በገባ በአራተኛው ዓመት ስምንት አውራዎች ደረሱልኝ። ሰው ሁሉ ለቅበላ ያለውን አርዶና ሸጦ ሲጨርስ እኔ አንዱንም አልነካሁ። «ፈንታነሽ ሰሰተች» አሉኝ። ይበሉ። ዶሮ ዋጋ የሚያወጣው በፋሲካ ዋዜማ ነው፤ ሁዳዴን ሙሉ የጾመ ሰው ዶሮ ሲያይ አይከራከርም።

ገንዘቡን ለቀሚስ አልፈለግሁትም። ባሌን ሞላን ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ሊያስፈልጡት ወስደውታል። ስንቅ ሳቀብለው ሲስል እሰማለሁ፤ የድንጋዩ ብናኝ ደረቱን ይዞታል። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው እጅ መንሻ ሲያገኝ ሰው እንደሚለቅ አገር ያውቃል፣ ዳሩ ግን ባዶ እጅ አያይም። ስለዚህ እነዚያ አውራዎች ለእኔ ዶሮ አልነበሩም፤ የሞላ መውጫ ነበሩ። በየማለዳው አተላ ስደፋላቸው «ብሉ፣ ወፍሩ፣ ባሌን አምጡልኝ» እላቸው ነበር።

ከሁዳዴ በሦስተኛው ሳምንት በላይነህ መጣ። የይፋግ ልጅ ነው፤ ለጣሊያኖቹ ያስተረጉማል፣ ለካምፑ ወጥ ቤትም ይገዛል። አፉ ማር ነው።

«እትዬ ፈንታነሽ፣ እንዴት ዋልሽ? የእጅሽን ሥራ ሳየው እንዴት ደስ ይለኛል! እነዚህን አውራዎች ለእሑድ እፈልጋቸዋለሁ። የመኮንኖቹ ፋሲካ ነው።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሑድ እኮ መጻጉዕ ነው! እኩለ ጾም እንኳ አልደረሰም። «ሳይሰቀል ሊነሣላቸው ነው?» አልሁት።

«የእነሱ አቆጣጠር ሌላ ነው፣ እትዬ። ገበያውን ሁሉ ዞርሁ፣ በጾም ዶሮ የሚያወጣ ጠፋ። ከገጠርም የሚገባ የለም። ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ዋጋውስ?»

የነገረኝ የጾም ዋጋ ነበር፤ ያውም ካምፑ የቆረጠው። በዚያ ዋጋ እንኳን ካቦውን የካቦውን ውሻ ዝም አላሰኝም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤ እኔ ግን ዶሮ አርቢ እንጂ ዶሮ አይደለሁም። «ለፋሲካ ተመለስ፣ ለእኛው ፋሲካ» ብዬ ሸኘሁት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጆንያ ከያዙ ሦስት ወታደሮች ጋር ተመልሶ መጣ። ሊወርሱ ነው። እኔ ግን ከተቀመጥሁበት ድንጋይ አልተነሣሁም፤ ጎመኔን መቀንጠስ ቀጠልሁ። በጠራራ ቀን የተፈታ የደጋ ዶሮ ሊይዙ ነው! እኔ ራሴ እንኳ በቀን አልሞክረውም።

አንዱ ወታደር እጁን ዘርግቶ ተጎነበሰ። ቀዩ አውራ በሰውዬው ራስ ላይ ዘልሎ አጥሩን ተሻገረ። ሌሎቹም ግማሹ አጥሩ ጥግ ያለው ወይራ ላይ፣ ግማሹ የጎረቤቴ የፋጡማ ቤት ክዳን ላይ ወጣ። ፋጡማ የሸማኔው የአደም ሚስት ናት፤ በሯ ላይ ቆማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «ኧረ ፈንታነሽ፣ እንግዶችሽን ዶሮ መያዝ አታስተምሪያቸውም?» ትለኛለች። ሁለተኛው ወታደር እየሮጠ ሲመጣ እሾሁን ጥሶ ጎመኔ መሀል ገባ። ለዶሮዎቹ ያልጮኽሁት ሴትዮ ለጎመኔ እሪ አልሁ። ደነገጠና ነጭ ሽንኩርቱን ደግሞ ረገጠልኝ።

ሦስተኛው ተናደደና ጠመንጃውን ወይራው ላይ ወዳሉት አነሣ። በላይነህ ክንዱን ይዞ ለመነው። በከተማው መሀል ጥይት ከተተኮሰ ካምፑ «አርበኛ ገባ» ብሎ መትረየሱን ወደ እኛው ማዞሩ ነው። ባዶ ጆንያቸውን አንጠልጥለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ በላይነህ ብቻውን መጣ፤ ያ ማሩ ከአፉ አልቆ ነበር። «እትዬ፣ እሑድ ዶሮ ካልቀረበ የምባረረው እኔ ነኝ። እንዴት ነው የሚያዙት?»

«ሲመሽ ራሳቸው ገብተው ቆጥ ላይ ይሰፍራሉ። ያኔ እንደ በሰለ ኮክ ትለቅማቸዋለህ።»

ቀና ብሎ ወደ ጉና ተራራ አየ። ከመሸ ወታደር ከካምፕ እንደማይወጣ፣ ወጥቶም ጓሮ ለጓሮ እንደማይሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። አርበኞቹ ከጉና እስከ ከተማው ጫፍ ይወርዳሉ።

«ብቻዬን ልምጣ?»

«ና። ግን ዛሬ ከቤቴ አላስገባቸውም ብልስ? በሩን ብዘጋባቸው ወይራው ላይ ያድራሉ፣ አንተም ከወይራ ላይ ለቅመህ ታሳየኛለህ። በላይነህ፣ ገንዘብህን ያዘው። ሞላን አምጣልኝ።»

«ይሄ በእኔ እጅ ነው?»

«ምላስህ በእጅህ ነው። ለመኮንኑ ‹ባለዶሮው ሰውዬ ድንጋይ እየፈለጠልህ ነው፣ ከእሱ በቀር የሚይዛቸው የለም› በለው። ደግሞ ደረቱን ታሟል፤ በሽተኛ ምን ያደርግላቸዋል? ከስም ጥሪው ያሰርዘው። ሞላ ከነመልቀቂያ ወረቀቱ እዚህ ደጅ ካልቆመ አንዲት ላባ አታገኝም።»

 እሱ ከሄደ በኋላ ግን ፍርሃት ገባኝ። ጨክነው ቢያስሩኝስ? ሞላን ቢብሱበትስ? ፋጡማ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና የተረገጠውን ጎመን አብራኝ ለቀመች። «ይመጣል» አለችኝ። እኔም ቆይቶ በላይነህ ሞላን ይዞ እንደሚመጣ እርግጠኛ ሆንሁ፤ የጌታውን ድግስ የሚያበላሽ ሎሌ የለምና።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ሰዎች በጠባቡ መንገድ ብቅ አሉ። አንደኛው በላይነህ ነው። ሁለተኛውን በአረማመዱ ባላውቀው ኖሮ በመልኩ አላውቀውም ነበር። አመድ መስሏል፣ ልብሱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ወረቀቱን ተቀብዬ ለአደም ሰጠሁት፤ ንግድ ላይ የፈረንጅ ፊደል ለምዷል። «ስሙ አለ፣ ማኅተምም አለበት» አለኝ። ዘግቼው የቆየሁትን የቤቴን በር ከፈትሁ።

አውራዎቹ አንድ በአንድ ገብተው ቆጥ ላይ ሰፈሩ። እያነሣሁ እግራቸውን አሥሬ ለበላይነህ አቀበልሁት። ቀዩ ላይ ስደርስ ሞላ «እሱንም?» አለ። ከእንቁላሉ ጀምሮ የሚወደው ነው፤ ለፋሲካችን ሊያርደው ያሰበው እሱን ነበር።

«እሱንም።»

«ለጣሊያን ፋሲካ!»

«ሞላ፣ አርፈህ ተቀመጥ» አልሁት። ከዚያ በላይ ብናገር አለቅስ ነበር፣ በላይነህ ፊት ማልቀስ ደግሞ አልፈለግሁም።

ሽሮ አብልቼው፣ እግሩን በለብታ ውኃ አጥቤው አስተኛሁት። ሲነጋጋ ከሩቅ የሌላ ሰው አውራ ጮኸ፤ ከእኛ ቆጥ ግን የሚመልስለት አልነበረም። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ገና በጨለማ በካቦው ፊሽካ የሚነሣው ባሌ ፀሐይ በግድግዳው ስንጥቅ ገብታ ፊቱ ላይ እስክታርፍ ተኛ። ሴቶቹ ዶሮዎች በሩን እየጫሩ አተላቸውን ሲጠይቁኝ «ዝም በሉ» አልኋቸውና ቁጭ ብዬ ሲተነፍስ አዳመጥሁት።