የኩሽኔታው መልካም ጎን

የወይዘሮ ደጊቱ ወፍጮ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሲያጓራ ሲያጓራ ቆየና ሽታ አውጥቶ ጸጥ አለ። ሐሙስ ጠዋት ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ገብሬ ቱቦና መዶሻ ይዞ ከዘንጉ ጋር ሲታገል ቆይቶ ኩሽኔታውን አወለቀው። ዘንጉ እንዲሽከረከር አቅፎ የሚይዘው ክብ ብረት ነው። በአንድ በኩል ክዳኑ ተገንጥሎ ብይ የሚያካክሉ ኳሶቹ በቅባትና በዱቄት ተለውሰው ይፈሳሉ፤ በሌላው በኩል ክዳኑ እንዳለ አለ።

ደጊቱ ብረቱን አይታ ነገን አሰበች። ነገ አርብ ነው። ገበያተኛው ከየቀበሌው ገብሱን በአህያ ጭኖ ይመጣል፤ እሷ ዘንድ አስፈጭቶ፣ ገበያውን ውሎ፣ ዱቄቱን ይዞ ይገባል። ከገበያው ማዶ ደግሞ አቶ ካሴ ሁለት ወር የሞላው አዲስ ወፍጮ አለው። ገበያተኛ አንድ አርብ ካሴ ዘንድ ከለመደ አህያውም መንገዱን ይለምዳል።

«ደብረ ታቦር መለዋወጫ የሚሸጥ ሥዩም የሚባል ሰው አለ» አለ ገብሬ እጁን በሱሪው እየጠረገ። «በቴሌግራም ፎቶ ከላክንለት ዛሬውኑ በመኪና ይልካል። ብረቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ...»

«አንተ ዘይትህን ታጠብ» አለችው። «ለማያውቁት ሰው እንዲሁ ዘው ይባላል? መሪጌታ ይጠሩ።»

በዚያ ሰፈር ለሩቅ ሰው የሚላክ ቃል ሁሉ በመሪጌታ ዳኛቸው እጅ ያልፋል። የመሬት አቤቱታ፣ የሽምግልና ደብዳቤ፣ ለወታደር ልጅ የሚላክ ምክር፣ ሁሉም። ተቀባዩ መልስ ባይሰጥ እንኳ ላኪው በደብዳቤው ይኮራል።

መሪጌታ መጡ። ስልኩን የያዘችው የደጊቱ የእህት ልጅ ቤቲ ናት፤ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ጣቷም ፈጣን ነው። ፎቶ ልታነሳ ስትል ደጊቱ እጇን ያዘቻት።

«እንዲህ ቆሽሾ? ሰውየው ምን ይለናል?»

የኩሽኔታው ደኅናው ጎን በናፍጣ ታጠበ፤ በጨርቅ ተወለወለ። የተገነጠለው ጎን ወደ ታች ሆኖ ነጭ ነጠላ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ቁጥሩ ከታች በኩል ነው ያለው...» አለ ገብሬ።

«ገመናችንን ለደብረ ታቦር አንዘርጋ» አለችው። «ነገ ካሴ ጆሮ ይደርሳል። በዚህ በኩል አንሺው፣ በመልካሙ።»

ቤቲ አነሳችው። እውነትም ያምር ነበር።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው አስጻፉ፤ ቤቲ ተከተለች።

«ለተከበሩ አቶ ሥዩም። አስቀድመን እንደምን ሰነበቱ እያልን ለጤናዎ ሰላምታችንን እናቀርባለን። እኛ ግን በወፍጮ እጦት ካልሆነ በቀር ደኅና ነን። በሥዕሉ እንደሚያዩት ይህ ዕቃ ቅርጹ ፍጹም ክብ፣ መካከሉ ክፍት፣ ገላው እንደ ብር የሚያበራ ነው። ስፋቱ የአንድ ሰው መዳፍ ያህላል። በዘመኑ ብርቱ አገልጋይ ነበር። አምሳያውን ፈልገው ቢልኩልን...»

«መሪጌታ፣ ትንሽ አላጠሩትም?» አለች ቤቲ።

«ልጄ፣ ሰው የሚለምን ሰው አያሳጥርም።»

ደጊቱ ‹ብርቱ አገልጋይ› የሚለውን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። መልእክቱ ተላከ። አራት ሰዓት ላይ መልስ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ። ኩሽኔታ ሁሉ ክብ ነው። ይሄ ደግሞ ደኅና ነው፤ ምን ሆነ?»

«አያችሁ?» አለ ገብሬ።

«አንተ ዝም በል» አለች ደጊቱ፣ ግን ድምጿ ቀነስ ብሎ ነበር።

መሪጌታ በመልሱ ማጠር ቅር ተሰኙ። ሁለተኛ መልእክት አስጻፉ፤ ደኅንነቱ የላይ ብቻ እንደሆነና ሐዘኑ በውስጡ እንዳለ የሚገልጽ ነበር። ሥዩም መለሰ፦ «መዳፍ ያላችሁት የማን መዳፍ ነው?»

በዚህ ላይ ክርክር ተነሳ። መሪጌታ የራሳቸውን መዳፍ ነው ያሰቡት፤ ደጊቱ ግን የሰው መዳፍ ከተባለ የገብሬ መቆጠር አለበት አለች፤ ወፍጮ የያዘ እጅ ነውና። መሪጌታና ገብሬ እጃቸውን ብረቱ ላይ ዘረጉ። የገብሬ በአውራ ጣት በለጠ። ይህን እየመዘኑ አምስት ሰዓት አለፈ።

ሦስተኛው መልእክት ከሥዩም መጣ፦ «ከዚህ ወደ እናንተ የሚሄደው መኪና በሰባት ሰዓት ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ኩሽኔታው ጎን ላይ የተቀረጸ ቁጥር ይኖራል።»

ቅዳሜ። ደጊቱ በሐሳቧ የካሴን ደጅ አየች፤ የታሰሩ አህዮች፣ የተደረደሩ ጆንያዎች። ብረቱን ከነጠላው ላይ ብድግ አድርጋ ገለበጠችው። የተገነጠለው ክዳን፣ የጠቆረው ቅባት፣ የወለቁት ኳሶች፣ ሁሉም ወጣ።

«ገመናው ይታይ!» አለች። «ቤቲ፣ ቅረቢና አንሺ። ገብሬ፣ አንብብ።»

ገብሬ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ፋቀ። «ስድስት... ሦስት... ዜሮ...» ብረቱን ወደ ብርሃን አዞረው። «የመጨረሻው ተደፍጥጧል። ሳወልቀው መዶሻዬ ነው የነካው።»

«ድሮስ!» አሉ መሪጌታ በደስታ። «በቃል ይገለጽ ያልኩት ለዚህ ነበር!»

ቤቲ ፎቶውን ልካ እጥር ምጥን ያለ ነገር ጻፈች፦ «630፣ የመጨረሻው አይታይም።» ሥዩም ወዲያው መለሰ፦ «የመሀል ቀዳዳውን በማስመሪያ ለኩ። አርባ ሚሊ ከሆነ መጨረሻው 8 ነው፤ አርባ አምስት ከሆነ 9።»

ማስመሪያ ከጎረቤት ተማሪ ተዋሱ። ገብሬ ቀዳዳው ላይ ጋደም አድርጎ አስተካከለው።

«አራት ሳንቲም ሙሉ። አትጨምርም አትቀንስም።»

«አርባ ሚሊ» ብላ ቤቲ ላከች።

«6308 ነው። በሁለቱም በኩል ክዳን ያለው። ለሾፌሩ እሰጠዋለሁ።» ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ፦ «የመጀመሪያውን መልእክት ሱቄ ውስጥ ላሉት ሁሉ አነበብኩላቸው። የጻፉት ሰው ማን ናቸው? እኔም የማስገባው አቤቱታ አለኝ፤ ቢጽፉልኝ።»

መሪጌታ ይህን ሁለቴ አስነበቡ።

ኩሽኔታው ሐሙስ አመሻሽ ደረሰ፤ ገብሬ በቱቦው ቀስ እያለ አስገባው፣ አሰረው። አርብ ጎህ ሲቀድ ወፍጮው ማጓራት ጀመረ። ገበያተኛው ሲገባ ግን ወሬው ቀድሞት ነበር፤ መሪጌታ አንድ ደብዳቤ ጽፈው ደብረ ታቦር ያለውን ነጋዴ ቢያስለቅሱት በዚያው ቀን ብረቱን ላከ ይባላል። ደብዳቤውን ሊሰሙ የማያስፈጩት ሁሉ መጡ። ካሴ ዘንድ ገብሳቸውን አውርደው የነበሩ ሁለት ሰዎችም ጆንያቸውን መልሰው ጭነው መጡ።

ገብሬ ወደ ደጊቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ በወፍጮው ጩኸት መሀል «እትዬ፣ ቁጥሩ እኮ ነው ያመጣው!» አለ።

«አውቃለሁ» አለችው ጆንያውን እያዘመመችለት። «ግን ቁጥር ሊሰማ የሚመጣ አስፈጪ የለም። አንተ ፍጭ!» ወደ ሰልፉም ዞረች። «እና መሪጌታ ምን አሉ መሰላችሁ? ‹በዘመኑ ብርቱ አገልጋይ ነበር!›»