አራተኛው ሰከንድ ላይ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሩዋይዳ የፈራችው ግን ሌላ ነበር፣ የደረሰባትም ሌላ። ስትፈራ የከረመችው ኮምፒውተሩ ሥራውን ሳያስቀምጥ መብራት እንዳይጠፋ ነበር። መብራቱ አልጠፋም። መሳለሚያ ካለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት።

ስቱዲዮው የልጆች አኒሜሽን ይሠራል። ሩዋይዳ ሥዕል አትሥልም። የእሷ ሥራ ካሜራው ከየት ተነሥቶ፣ በምን ፍጥነት ሄዶ፣ የት እንደሚቆም ማቀድ ነው። የዚያን ቀን ትዕይንት መርካቶ ውስጥ በርበሬ በረንዳ ከእናቷ የጠፋች ልጅ ናት። ካሜራው ስምንት ሰከንድ ሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከዚያ አንድ ሱቅ በር ላይ ወደቆመችው ልጅ ይጠጋል።

ሁሉም ጠፍጣፋ ወረቀት ነው። ጥልቀት ያለው እንዲመስል ሥዕሉ በሦስት ንብርብር፣ በሦስት ሌየር ተሠርቷል፤ ከሩቅ ጣሪያዎችና ሰማይ፣ መሐል ላይ የሱቆቹ ረድፍ፣ ከፊት ሸራ፣ ጃንጥላና የበርበሬ ጆንያ። ኮምፒውተሩ ውስጥ አንዱ ከሌላው ርቆ ይቀመጣል። ካሜራው ሲሄድ የቅርቡ ይሮጣል፣ የሩቁ ይንፏቀቃል። በሚኒባስ መስኮት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የመንገዱ ምሰሶ ወደ ኋላ ይበራል፣ ተራራው አብሮ የሚጓዝ ይመስላል።

ስህተቷም እዚህ ላይ ነው። በስምንቱ ሰከንድ የሱቆቹ ሌየር የሁለት ፍሬም፣ የሁለት ሙሉ ስክሪን ስፋት ያህል ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሦስት ፍሬም የሚሞላ ሥዕል ይበቃዋል። የቅርቡ ግን እጥፉን፣ አራት ፍሬም ይጓዛል፤ አምስት ያስፈልገዋል። ሩዋይዳ በጥድፊያ ለሦስቱም «ሦስት ፍሬም» ብላ ጽፋ ለሠዓሊው ሰጠች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አራተኛው ሰከንድ ላይ ተፈታ። የጃንጥላውና የጆንያው ሥዕል አለቀ፣ የተቆረጠው ጠርዙ ከቀኝ በኩል ብቅ አለ።

በዚህ ብቻ ቢሆን ታፍርና ታልፈው ነበር። ጠርዙ እያለፈ ሲሄድ ግን እስካሁን በሸራው ተሸፍኖ የነበረው የሱቆቹ የታችኛው ክፍል ተገለጠ። ከላይ የሱቆቹ መስመር እንደ ክር ቀጥ ብሏል። ከታች በሮቹ ተንጋደዋል። ደፉ ከግድግዳው ጋር አይገናኝም፣ ቀዩ ቀለም ከበሩ አልፎ ድንጋዩ ላይ ፈሷል። አንድ ወረቀት፣ አንድ እጅ።

ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየች። ሠዓሊው ጋሼ ውብሸት መስኮቱ ሥር እንደ ወትሯቸው አጎንብሰው ይሠራሉ። አርባ ዓመት የመርካቶን ሱቆች ታፔላ የጻፉ ሰው ናቸው። ለእያንዳንዱ መስመር የወረቀት ፕላስተር ይለጥፋሉ፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይዳስሳሉ፣ ከዚያ ነው ቀለም የሚያስነኩት። ጥንቃቄ ይመስላት ነበር። ሻይ ሲቀዳላቸው ብርጭቆው አፍ ላይ ጣታቸውን የሚያኖሩትንም ልማድ ብላ አልፋዋለች። አሁን ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። ጋሼ አያዩም።

የስቱዲዮው ባለቤት ዘመድኩን ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ይቸኩላል። ባለፈው ወር ሌላውን ሠዓሊ በፍቃዱን ያሰናበተው አንድ ሥዕል ስላዘገየ ነው። «በእጅ መሣል ቀርቶብኝ ለኮምፒውተር ብሰጠው ይሻላል» ሲል ጋሼ ሰምተው፣ «እኔ ብሩሽ ካስቀመጥኩ የምነሣበት ጠዋት የለኝም» ብለው ነበር፣ እየሳቁ። ማንም አብሯቸው አልሳቀም።

ፊልሙን ያዘዙት ደንበኞች ሥራውን ሊያዩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ሁለት ፍሬም አዲስ ለመሣል አራት ቀን ይፈጃል። ሩዋይዳ ፈራች፣ የፈራ ሰው የሚያደርገውንም አደረገች፤ የቅርቡን ሌየር ቀድታ ከጫፉ ጋር ቀጠለችው። ጃንጥላው ባዶውን ሸፈነ። የእሷም ጥፋት፣ የእሳቸውም ጉድ ከሸራው ጀርባ ገባ። ላቧን ጠረገች።

ዘመድኩን ከጀርባዋ መጥቶ ቆሞ አየ።

«ቆይ፣ መልሺው። ይሄ የተቀደደ ጃንጥላ ቅድም አልፏል እኮ።»

ወደ ኋላ መለሰችው።

«ቀድተሽ ነው? ለምን?»

«የቅርቡ አጠረ። ልኬቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ዘመድኩን ጢሙን አሻሸ። «በቃ ካሜራው ወደ ቀኝ መሄዱን አራተኛው ሰከንድ ላይ አቁሚው። ልጅቷን እዚያ እናቆማትና ወደ እሷ እንግባ። ካሜራው ሲጠጋ የቅርቡ እየሰፋ በግራና በቀኝ ከፍሬሙ ይወጣል። ማጠሩን ማን ያውቃል?»

ትክክል ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ትመርቀው ነበር። ግን የቅርቡ ሲወጣ የሚቀረው ምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«እስኪ ከኋላው ያለውን አሳዪኝ። የቅርቡን አጥፊው።»

«ቀስ ብለን ብናየው...»

«ሩዋይዳ፣ ሰዓት የለንም።» እጁን ወደ ማውዙ ሰደደ። እሷ አልለቀቀችም። የሚያየውን ሲያይ ፊቱ የሚሆነውን ቀድማ አየችው።

«አጥፋው፣ ዘመድኩን» አሉ ጋሼ ውብሸት።

ተነሥተዋል። በጠረጴዛዎቹ ጠርዝ እጃቸውን እያስኬዱ መጡ። ሩዋይዳ ማውዙን ለቀቀች። ሸራው ጠፋ፣ ሦስት ፍሬም ሙሉ የሱቆች ረድፍ ተራቆተ። ዘመድኩን ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

«ዓይኔ ነው» አሉ ጋሼ። «ከሸራው ጀርባ የሚሆነውን ያለ ፕላስተር ሠራሁት። አይታይም አላችሁኝ፣ እኔም እዚያ ላይ ዓይኔን እየፈተንኩ ነበር። ውጤቱን ግን ማየት አቃተኝ። ሰው እንዳልጠይቅ ደግሞ ፈራሁ።»

«ጋሼ፣ ለምን...» ብሎ ዘመድኩን ተወው።

እሳቸው ወደ ሩዋይዳ ዞሩ፣ ከፊቷ ትንሽ ወደ ግራ እያዩ። «አንቺ ንገሪኝ። ከግራ ነው የጀመርኩት፣ በሌላ ሥራ መሐል እየተመለስኩ በር በበር። የመጀመሪያውን በር ጥቅምት ላይ ነው የሠራሁት፣ እንዴት ነው?»

መዋሸት ፈለገች። ፊታቸውን አይታ አልቻለችም።

«ጥሩ ነው። ትንሽ ነው ያጋደለው።»

«መሐል ያለው? የታኅሣሡ?»

«እሱ... ተንጋዷል፣ ጋሼ። ደፉ ከግድግዳው ለቋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከታች የበርበሬ ወፍጮው ድምፅ ይሰማል። ዘመድኩን ወንበር ሳበላቸው፣ አልተቀመጡም።

«የመጨረሻውስ? ልጅቷ የምትቆምበት። ባለፈው ሳምንት የሠራሁት።»

ሩዋይዳ ምስሉን ወደ ቀኝ እስከ ጫፉ ወሰደችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«እዚህ በር የለም፣ ጋሼ» አለች። «ቀለሙ ብቻ ነው ያለው።»