የሳሙና ትርጉም

የፍርድ ቤቱን አስተርጓሚ የሥራ ባልደረቦቹ «ሳሙና» ይሉታል። የሰው አፍ እያጠበ ነው የሚያቀርበው። አንድ ምስክር «ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም» ያለ ቀን፣ ሳሙና ጉሮሮውን ጠርጎ «ጥፋተኛ ሰው ይፈራል» ብሎ አማርኛ ለማያውቁት ዳኞች አቀረበው። አብራው የምትሠራው አንጋፋዋ አስተርጓሚ ሰምታው ኖሮ፣ ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«ፈሱን ስታወጣው እኮ ዝላዩም አብሮ ወጣ» አለችው። «ተረት የሚተርት ሰው ምክር አይደለም የሚሰጠው፣ በጥፊ ነው የሚማታው። ምስሉ አልሻገር ካለህ ሌላ ምስል ፈልግ፤ ብቻ የዚያኑ ያህል ይቆሽሽ፣ የዚያኑ ያህል ይጠር። ካቃተህ ደግሞ ዳኛውን አስፈቅደህ እንዳለ በለውና ትርጉሙን አስከትል።»

«እሺ እታለም» አለ ሳሙና። እሺ ማለት ምን ገዶት!

ዛሬ የያዘው ጉዳይ የቆዳ ፋብሪካው ነው። አንድ ሠራተኛ የፈላ ውሃ ገንዳ ውስጥ ወድቆ ሞቷል። አጣሪው ዳኛ የሚወስነው አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቶቹ ይከሰሱ ወይስ «አደጋ ነው» ተብሎ መዝገቡ ይዘጋ? የፋብሪካው ጠበቃ የሟቹን የራስ ቆብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለሠራተኛው ሁሉ እንዲህ ያለ ጠንካራ ቆብ ታድሏል፣ በየግድግዳውም ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል አለ። ቆቡ ላይ ጭረት እንኳ የለበትም።

ዳኛው ወደ ሟቹ እናት ዞረው፣ ፋብሪካው ለልጅዎ ደህንነት ይጠነቀቅ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ሳሙና ጥያቄውን አሻገረላቸው። እናትየው ቆቡን ዐይን ዐይኑን አዩት።

«ቂጥ ገልቦ ክንብንብ!» አሉ።

ለእሳቸው ሁሉንም ብለው ጨርሰዋል።

የሳሙና ጆሮው ጋለ። አሮጊት ናቸው፣ ልጅ የቀበሩ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ። ይኼ የተከበረ ዳኛ ባለጌ ይበላቸው? አፈረላቸው። ደግሞም ምስሉ በዳኛው ቋንቋ አስቸጋሪ ነው፤ በእነሱ ዘንድ ራስን መከናነብ የጨዋ ሴት ምልክት አይደለም። አስፈቅዶ ማብራራት ይችል ነበር። አላደረገውም።

«ጥንቃቄያቸው የተሟላ አልነበረም» ብሎ ተረጎመ።

ዳኛው ራሳቸውን ነቅንቀው ጻፉ። ቂጡ ቢነገራቸው ኖሮ «የተገለበው ምንድን ነው?» ብለው በጠየቁ ነበር። ያልተሟላ ጥንቃቄን ግን ማን ምን ብሎ ይጠይቀዋል? የማን ቤት ጥንቃቄ የተሟላ ነው?

ከእረፍት በኋላ ዳኛው ውሳኔውን አነበቡ፤ ሳሙናም እየተከተለ ለእናትየው ተረጎመ። «የሟች እናት ራሳቸው እንደመሰከሩት፣ ፋብሪካው ጥንቃቄ ያደርግ ነበር፤ ያልተሟላ መሆኑ ብቻውን አያስከስስም፤ መዝገቡ ተዘግቷል።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?» አሉ እናትየው።

ሳሙና ዋሽቶ ማለፍ ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም። ግን እጁን አነሳ። አስተርጓሚው የራሱን ስህተት ማረም ይፈልጋል አለ፤ ከዚያም በዳኛው ቋንቋ፣ እንደ ተረቱ በአጭሩ፣ ቂጡን አስቀድሞ ቆቡን አስከትሎ ወረወረው፦ «ቂጡ ራቁት፣ ራሱ ላይ ቆብ!»

አዳራሹ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ወዲያው ሁሉም ዐይን ጠረጴዛው ላይ ያለው ቆብ ላይ አረፈ፤ ሳቁም እዚያው ቀረ። ጠበቃው አንገቱን ደፋ።

«የተገለበው ምንድን ነው?» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው።

«ገንዳው ነዋ!» አሉ እናትየው። «ክዳኑ ከተሰበረ ስንት ጊዜው! ካርቶን ነበር የጣሉበት። ልጄ ማታ ማታ እየመጣ ይነግረኝ ነበር።»

ዳኛው ብዕራቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ውሳኔው ተነቧል፤ እሳቸው ሊነኩት አይችሉም። ይግባኝ ይበሉ አሉ። ግን በምን ማስረጃ? ገንዳው ላይ አዲስ የብረት ክዳን ከተገጠመ ቆይቷል፤ ካርቶኑም የለም፣ አየሁ የሚል ሠራተኛም አይገኝም።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ሳሙና እናትየው ፊት ቆመ። «ይቅር ይበሉኝ እማማ። አፍሬልዎት ነው።»

«ለእኔ?» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም። «ልጄን ቀቅለው ሰጥተውኝ ቀብሬ የመጣሁ ሴት ነኝ። ምን ቀርቶኝ ነው የምታፍርልኝ ልጄ?»

ጸሐፊዋ የሟቹን ቆብ አምጥታ ለእናትየው አስረከበች። ተቀበሉት፤ አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ሳሙና እጅ ላይ አስቀመጡት።

«እንካ፣ አንተ ተከናነበው» ብለው ወጡ።