ስልኩ የለመደው መልስ

ካናኤ ሞሪሺታ ኢሜይሉን የላከችው ጠዋት ባቡር ውስጥ፣ በአንድ እጇ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን መያዣ ይዛ ነው። የባቡር ፍሬን የሚሠራ ድርጅት ብዙ ሺህ ስፕሪንግ ልትሠሩልን ትችላላችሁ ወይ ብሎ የምትሠራበትን ወርክሾፕ ጠይቋል። ይህ ሥራ ካመለጠ፣ አሥራ አንድ ሰው የሚተዳደርባት፣ በጃፓን ሂጋሺ ኦሳካ ከተማ ያለችው ይህች ወርክሾፕ በክረምቱ መዘጋቷ አይቀርም። እሷም «ጥያቄዎን በአክብሮት እንመልሳለን» ብላ ጻፈች። እንደዚያ የጻፈች መስሏታል፣ ምስኪን!

ወርክሾፑ ስትደርስ የሥራ ባልደረባዋ ሽማግሌው ቶኩናጋ እንደ ልማዳቸው የላክሽውን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አሏት። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ስታሾፍባቸው ኖራለች፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ባይታፈስም ወለሉ ይወለወላል ይሏታል። ስልኳን ከፍታ በአንድ ትንፋሽ ዘለቀችው።

«ያነበብሽው ከጭንቅላትሽ ነው» አሏት። «ጣትሽን አስቀምጪና ከመጨረሻው መስመር ወደ ላይ ነይ።»

ጣቷ ሁለተኛው መስመር ላይ ደርቆ ቀረ። «ጥያቄዎን በአክብሮት አንቀበልም» ይላል። በጃፓንኛ «እንመልሳለን» እና «አንቀበልም» አጀማመራቸው አንድ ነው፤ ሁለት ፊደል ሲነካ ስልኩ የቀረውን አስቀድሞ ይደረድራል። ሳምንቱን ሙሉ ችክ የሚሉ ሻጮችን አንቀበልም እያለች ስትመልስ ስለከረመች፣ ስልኩም የለመደውን ከፊት አመጣላት፤ እሷም ሳታይ ነካችው።

ወዲያው ወደ ድርጅቱ ደወለች። የግዢ ኃላፊው ኦቺያይ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከቀትር በፊት ሌላ ወርክሾፕ ይመረጣል አለቻት የስልክ ተቀባይዋ። የእርማት ኢሜይል በጥድፊያ ጽፋ ልትልክ ስትል ቶኩናጋ እጇን ያዙ።

«ከታች ወደ ላይ።»

ጣቷን አስቀምጣ ከታች ጀመረች። ያው ቃል፣ ያው ቦታ፣ ዳግም ተቀምጧል! የይቅርታው ደብዳቤ ራሱ እምቢ ይላል። ስልኩ የለመዳቸውን ቃላት በሙሉ ከማስተካከያው አጠፋች፣ በኮምፒውተር ፊደል በፊደል ጻፈች፣ ርዕሱ ላይ «እርማት» ብላ አስቀመጠች፣ በወረቀት አትማ በጣቷ ካነበበች በኋላ ላከች። ዳግም ደውላም የስልክ ተቀባይዋን እርማቱን በወረቀት ወደ ስብሰባው እንድታስገባ ለመነቻት።

ለቀትር ስድስት ደቂቃ ሲቀር ኦቺያይ ደወሉ። የመጀመሪያውን ኢሜይል ለስብሰባው አንብበው ሊጨርሱ ሲሉ ወረቀቱ ገባ፤ የሥራውን ዝርዝር እስከ ነገ ይጠብቃሉ። ካናኤ ለማያያት ሰው ወገቧን አጎንብሳ አመሰገነች። ነገ የይቅርታ ጣፋጭ ይዛ ራሷ ትሄዳለች።

ከዚያ ይህን ማን አስተማረዎት ብላ ጠየቀቻቸው። ቶኩናጋ ስልካቸውን ሰጧት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የላኩት ኢሜይል ነው፤ ለሟች ጓደኛቸው ሚስት። ከታች ወደ ላይ አነበበችው። በማጽናኛው ቃል ቦታ «እንኳን ደስ አለሽ» ይላል። ከሥሩ ከሴትየዋ የመጣ መልስ የለም።