ባለ አሥር ጣቱ ጋሽ ስምንት

የፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ ሰውየውን «ጋሽ ስምንት» ነው የሚላቸው፤ ፊት ለፊትም፣ ከጀርባም። ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው ይባላል፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ከሚያወጣልኝ ብለው። የድስት ክዳን በሚያመርተው በዚህ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመት በአሥር ጣት፣ የቀረውን በስምንት።

ክዳኑን የሚያትመው ፕሬስ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ ተራርቀው። ሁለቱን በሁለት እጅህ አንድ ላይ ካልተጫንክ ብረቱ አይወርድም። እንዲህ የተደረገው ብረቱ ሲወርድ ሁለቱም እጆችህ ከማሽኑ አፍ ውጭ እንዲሆኑ ነው። ሰው ግን ብልጥ ነው። የግራውን ቁልፍ በፕላስተር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በነጻው ግራ እጁ ላሜራ እያስገባ በቀኙ ብቻ ይጫናል። በቀን መቶ ክዳን ተጨማሪ ያወጣል። ጋሽ ስምንትም ብልጥ ነበሩ። የግራ እጃቸው የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት እዚያው ቀሩ። ቀለበቱ በማግሥቱ ተጠፍጥፎ ተገኘ፤ ሚስታቸው መርፌ በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ አስገባችው፣ ዛሬም እዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ የደኅንነት አሠልጣኝ ሆኑ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ፊቱ ይቆሙና ስለ ጫማው፣ ስለ መውጫ በሩ፣ ስለ እሳት ማጥፊያው ይናገራሉ፤ ሰዉ ያዛጋል፣ ስልኩን ይነካካል። መጨረሻ ላይ ስለ ፕላስተሩ ይነግሩታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» ይላሉ። «እኔ አፈሰስኩ፤ የምለቅመው ግን አጣሁ።» ከዚያ ዝም ይላሉ፣ ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ያነሳሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ በኋላ የሚያስል ሰው የለም። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ እሳቸው ካሠለጠኑት አንድም ሰው ቁልፍ አላጣበቀም።

ያ እጅ ከዚያ ክፍል ውጭ ግን አይታይም። ፎቶ ሲነሱ ኪስ ውስጥ ነው። በልጃቸው ሠርግ አልበም አርባ ፎቶ ላይ አሉ፤ አርባውም ላይ ኪስ ውስጥ ነው።

ልጃቸው እዚያው ፋብሪካ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ናት። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈውን ሁሉ ስለምትጽፍ «ጋዜጠኛዋ» ይሏታል። በሥራ ቦታ «ጋሼ»፣ ቤት «አባዬ» ትላቸዋለች። የጡረታቸው ቀን ሲቃረብ ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ይህ ሰው ንግግሩን ሁሉ «ባጭሩ» ብሎ ስለሚጀምር ሠራተኛው «ባጭሩ» ብሎታል፤ አሳጥሮ ግን አያውቅም።

«ባጭሩ» አላት፣ «የጋሽ ስምንትን ሥልጠና ቪዲዮ አድርጊው። ጽሑፉን ትሰጪዋለሽ፣ ኤአይ የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱ ሰው ሠርቶ ያናግርልሻል። ሰኞ አሥራ ሁለት አዲስ ሰው ይገባል። ሰውየው ቢሄዱም ምላሳቸው ይቅርልን።»

አባቷ ነገሩን ሲሰሙ «ካሜራ ፊት አልቆምም» አሉ። «እንግዲያስ ፎቶህን ስጠኝ» አለች። የሥራ መታወቂያቸውን ሰጧት፤ ከትከሻ በላይ፣ ፎቶ አንሺው «ፈገግ በሉ» ብሎ ያስፈገጋቸው። ለድምፁ ሁለት ደቂቃ ያህል ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ማንበብ ነበረባቸው። እጃቸው የገባው የዓመት ፈቃድ ደንብ ነበር፤ እሱን አነበቡ። ድምፄን ተጠቀሙበት ብለው መፍቀዳቸውንም በራሳቸው አንደበት ተናገሩ፣ መሣሪያው ያን ሳይሰማ አይሠራምና።

ጋዜጠኛዋ ሐሙስ ጠዋት ቢሮዋ ቁጭ ብላ ጽሑፉን አስገባች። ከሩብ ሰዓት በኋላ አባቷ ስክሪኑ ላይ ቁጭ አሉ። ወይ ጉድ! ድምፁ የሳቸው ነው። ከንፈሩ ከቃሉ ጋር ይሄዳል፣ ዓይኑ ይርገበገባል። ችግሩ፣ ድምፁ የተማረው ከዓመት ፈቃድ ደንብ ነውና አደጋውንም እንደ ዓመት ፈቃድ ነው የሚያወራው። «ጣቶቼን ወሰዳቸው» ሲል «ጥያቄው በአሥር ቀን ውስጥ ይቅረብ» የሚል ነው የሚመስለው። መታወቂያው ላይ የነበረው ፈገግታም አብሮ መጥቷል፤ አይወርድም። አባቷ ዝም በሚሉበት ቦታ የሦስት ሰከንድ ዝምታ አስገባች። በሦስቱም ሰከንድ ሰውየው ፈገግ ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ጠበቀ። ጽሑፉን ከፋፈለች፣ ነጥብ ጨመረች፣ አጭር አጭር አደረገችው፤ ለእያንዳንዷ ለውጥ ቪዲዮው እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት።

ራስ ብቻ ሲያወራ ስለሚያስፈራ «እስከ ወገብ፣ ከእጅ እንቅስቃሴ ጋር» የሚለውን መረጠች። መሣሪያው ከትከሻ በታች ያላየውን ሁሉ ከራሱ ፈጠረ፤ ሸሚዝ፣ ክንድ፣ ሁለት እጅ። እጆቹ ደስ ባላቸው ሰዓት ይነሳሉ። «የመውጫ በሩ» ሲል ግራው ተነሳ፣ መዳፉ ተዘረጋ።

ጋዜጠኛዋ ክው አለች። አምስት ጣት።

ስህተት መሆኑን አውቃለች፤ አላወቅኩም ብትል ውሸት ነው። ቪዲዮውን አቁማ እጁን አየችው። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ያደረሳት እጅ ያ ነው፣ ሙሉው። ረስታው ነበር። አርባ ፎቶ ላይ የተደበቀ እጅ እዚህ ተገልጦ ሲወጣና ሲገባ ደስ አላት፤ አባዬም ደስ ይለዋል ብላ አሰበች። ዝም ብላ ለባጭሩ ላከችው። ባጭሩም በስልኩ አይቶ «ራሳቸው ናቸው እኮ!» አለ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለቱ አዳዲሶች ማሠልጠኛ ክፍሉ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ስምንት ያን ሰዓት አስተዳደር ቢሮ ከክፍል ክፍል እየዞሩ የመልቀቂያ ወረቀት ያስፈርሙ ነበር። ጋዜጠኛዋ ቪዲዮውን ከፍታ ከኋላ ቆመች። ስለ ጫማው፣ ስለ በሩ፣ ስለ እሳት ማጥፊያው አለፈ። ሰዉ አዛጋ። እስከዚህ ድረስ ከእውነተኛው በምንም አይለይም።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያሉት ሰውዬ ፈገግ እንዳሉ «ሁለት ጣቶቼን ወሰዳቸው» አሉና ሁለት እጃቸውን አንስተው አሥሩንም ጣት ዘረጉ።

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ሪዛም ጎልማሳ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ተንጫጫ። ፊት የተቀመጠች ሴት እጇን አወጣች፤ «ይቅርታ፣ የትኞቹን ጣቶች ነው?» ሰውየው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሦስት ሰከንድ። «ስለ ትኩረታችሁ አመሰግናለሁ» ብለው ጠፉ። ጋዜጠኛዋ «እውነተኛ ታሪክ ነው» ለማለት ሞከረች፤ ሳቁ ዋጣት። ሀፍረቱ ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ስምንት የማሠልጠኛ ክፍሉን ቁልፍ ሊያስረክቡ በፕሬሶቹ መሃል ሲያልፉ ቆም አሉ። ሪዛሙ ሦስተኛው ፕሬስ ላይ ነበር። የግራው ቁልፍ ላይ ቡናማ ፕላስተር ተለጥፏል፤ የሰውየው ግራ እጅ ላሜራ ይዞ እስከ አንጓው ድረስ ማሽኑ አፍ ውስጥ ገብቷል፣ ቀኙ ሊጫን ተነስቷል። ጋሽ ስምንት አልጮሁም፤ ሰው ሲደነግጥ ይጫናል። ቀዩን ማቆሚያ በቡጢ መቱት። ማሽኑ ቀጥ አለ።

«ማን ለጥፍ ብሎህ ነው ይሄን የለጠፍከው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ቪዲዮው ላይ ያሉት ሰውዬም አድርገውታል አሉ፤ ምንም አልሆኑም» አለ ሪዛሙ። ከዚያ ፊታቸውን አየ። ከዚያ ማቆሚያውን የመታውን ግራ እጅ አየ። ማሽኑ ሥር ቁጭ አለ።

ባጭሩ ነገሩን ሰምቶ ጋዜጠኛዋን አስጠራና «ባጭሩ፣ ሁለት ጣት ቁረጥለት በይው» አላት። ሞከረች። «የግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም» ብላ ጻፈች፤ አምስት ጣት ሰጣት። አስረዝማ ጻፈች፤ ስድስት ሰጣት። ለሦስተኛ ጊዜ ብትለምነው እጁን ጠረጴዛ ሥር ደበቀው። እንግዲህ እሱም እንደ አባዬ ሆነ አለች በሆዷ፤ አልሳቀችም።

አባቷ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። ባለ ስድስት ጣቱን አይተውታል።

«አየኸው እንዴ አባዬ?» አለች። በሥራ ቦታ አባዬ ስትል የመጀመሪያዋ ነው። «አውቄ ነው የተውኩት። ሙሉ ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ። የሰውየውን እጅ ላስቆርጥ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጋሽ ስምንት ወደ ውስጥ ገቡ። «ስለ ጫማውና ስለ በሩ እሱ ያውራ፤ ይችላል። እኔም ስናገረው ሰው ያዛጋል» አሉ። «የፕላስተሩን ግን ለሱ አትስጪው። ካሜራሽን አምጪ።»

ስልኳን ማቆሚያው ላይ አደረገችው። አባቷ ሦስተኛው ፕሬስ ፊት ቆሙ። ፕላስተሩን ላጥ አድርገው አሳዩ፣ የቸኮለችውን ተናገሩ፣ ዝም አሉ። እጃቸው ኪስ ውስጥ ነው። ዝምታው ከሦስት ሰከንድ እጅግ በለጠ። ጋዜጠኛዋ እምቢ ሊል ነው ብላ ፈራች፤ እምቢ ቢል ግን አታስገድደውም ነበር። ከዚያ ግራ እጃቸው ቀስ ብሎ ወጣ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ስልኩ ፊት ቆመ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ልጅቷ መቅረጫውን ማጥፋት ረስታ አለቀሰች።

«በቃ፣ አጥፊው» አሉ። ከዚያ «እስቲ ያንን የመጀመሪያውን አሳዪኝ» አሉ።

ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችላቸው። ድምፁን አስቀነሱት። ሰውየው ፈገግ ብሎ አሥር ጣቱን ሲዘረጋ «ቁም በይው» አሉ። ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ግራ እጃቸውን ስክሪኑ አጠገብ ያዙት። ረጅም ጊዜ አዩ።

«አሳምሮ መልሶልኛል» አሉ መጨረሻ ላይ። «አጥፊው፤ እናትሽ እንዳታየው።»

«ለምን አባዬ? ደስ አይላትም?»

«ቀለበቱን የት ጣልከው ትለኛለች።»

ጋዜጠኛዋ ስክሪኑን አየች። የቀለበት ጣቱ ባዶ ነበር። ማጥፊያውን ስትጫን መሣሪያው «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃት፤ አባቷን አየቻቸው፣ «አዎ» የሚለውን ተጫነች።