ከጉልበቱ አጠገብ ያለው ቢጫ

የአደሴ መልስ አልቆ ሙሽሮቹ ሊሄዱ ሲነሱ፣ የሁለቱም ወገን ዘመዶች በሙሽሪት አባት በአቶ ለሜሳ አጥር ግንብ ፊት ተሰልፈው ፎቶ ተነሱ። ያነሳው የሙሽራው ወንድም ነው፤ ስልኩ የሌንሳ ነበር። ሌንሳ የሙሽሪት ታላቅ እህት፣ የሦስት ዓመቷ የሩት እናት ናት።

መኪኖቹ እንደሄዱ ብዙም ሳይቆይ አደሴ ከመንገድ ላይ ደወለች።

«ሌንሲ፣ ፎቶውን ላኪው እንጂ። አማቴ እየጠበቁ ነው።»

ሌንሳ ጓዳ ገብታ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችና ፎቶውን ከፈተችው። ሁሉም አምሮባቸዋል። ከኋላ ግን፣ ግንቡ ሥር፣ ኮት የለበሰ አንድ ሰውዬ ሰሃን ይዞ ቆሟል። ጉንጩ በእህል ተወጥሯል።

«ከኋላ የቆመው የእነሱ ዘመድ ነው?» አለች።

አደሴ ባሏን ስትጠይቅ ተሰማ። «የእኛ አይደለም ይላል። የእናንተ መስሏቸው ነበር።»

ሌንሳ አባቷን ጠራች። አቶ ለሜሳ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው አዩት።

«የሙሽራው ወገን ነው ብዬ ወጥ ያስጨመርኩለት እኔው ነኝ» አሉ። «ቁርጥም አንስቷል።»

አደሴ ሳቀች። «እንግዲያው አጥፊው። በሠርጌ ፎቶ ላይ የማላውቀው ሰው ሲያላምጥ ልየው?»

ሌንሳ ሰው ከፎቶ የሚያጠፋ ነፃ አፕ ነበራት። ከፈተችው። መጀመሪያ የጨዋታ ማስታወቂያ መጣ፤ እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ ፎቶውን በሁለት ጣት አሰፋችና በሌባ ጣቷ ሰውዬውን ቀባችው። ጣቷ ባለፈበት ሁሉ ቀይ ጥላ አረፈ፤ ራሱ፣ ኮቱ፣ ሰሃኑ፣ እግሩ። ከጉልበቱ አጠገብ ቢጫ ነገር ብቅ ብሏል። ፌስታል መሰላት። እሱንም ቀባችው። አጥፋ የሚለውን ነካች። ክቡ ጥቂት ዞረና ሰውዬው ጠፋ። በቦታው ግንብ ሞላበት፤ ድንጋዩ፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ሲሚንቶ፣ ሁሉም እዚያው የነበረ ይመስላል።

አስቀመጠችውና ላከችው። ስልኳ ቦታ ሞልቷል ብሎ ስለጨቀጨቃት የመጀመሪያውን ፎቶ ሰረዘችው።

ውጭ የድንኳን አከራዮቹ ሠራተኞች ብረቱን እየነቀሉ ሲያንኳኩ ቆይተው ነበር። ሌንሳ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ስታነሳ ቆይታ ስትወጣ ግቢው ባዶ ነው። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ወንበሩ ተጭኖ፣ አይሱዙው ሄዷል።

«ሩትስ?» አለች።

«ከአንቺ ጋር አይደለችም እንዴ?» አሉ አቶ ለሜሳ።

ጓዳ የለችም። ጎረቤት የለችም። ሌንሳ የውኃ በርሜሉን ክዳን አንስታ አየች፤ ክዳኑ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ። ጎረቤቱ ወጣ። ግማሹ ወደ ወንዙ ወረደ፣ ግማሹ ከባድ መኪና ወደሚተላለፍበት አስፋልት ሮጠ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ሙህዲን መዝጊያውን ጎትቶ መጣ።

«ምን ለብሳለች? ዛሬ የተነሳችው ፎቶ ካለ ስጪኝና ለሰው ላሳይ።»

ሌንሳ ፎቶውን ከፈተች። ልጇን ከፊት ፈለገቻት፤ የለችም። በአያቷ እግር ሥር ፈለገቻት፤ የለችም።

«ቢጫ ሹራብ ነው የለበሰችው» አለች።

ቢጫ። ከሰውዬው ጉልበት አጠገብ። ፌስታል አልነበረም፤ እጅጌ ነበር። ልጇ ከሰውዬው ኋላ ቆማ ሱሪውን ይዛ ነበር። ሌንሳ ደግሞ በገዛ ጣቷ ቀብታ አጠፋቻት።

«ወስዷታል» አለች። «አባዬ፣ ያ ሰውዬ ልጄን ወስዷታል።»

«ምን ይመስላል?» አለ ሙህዲን።

አቶ ለሜሳ ረጅም ነው አሉ። ጎረቤቲቱ አጭር ነው፣ ጺም አለው አለች። አንዱ ደግሞ ጺም የለውም አለ። ሁሉም አብረውት በልተዋል፤ ፊቱን ያስተዋለ የለም። ሌንሳ ግንቡን በሁለት ጣት አሰፋችው፤ የበለጠ አሰፋችው። ድንጋይና ሲሚንቶ ብቻ። ከዚያ ውስጥ የሚወጣ ሰው አልነበረም።

በዚህ መሃል ስልኩ እንደገና ቦታ ሞልቷል አለ።

ዓይኗ መልእክቱ ላይ ቀረ። ሰርዛ ሳለ እንዴት አልቀለለውም? ጋለሪው ውስጥ ገባች። የተሰረዙት የሚጠራቀሙበትን ቅርጫት ከፈተች። ፎቶው ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። መልሰው የሚለውን ነካችና ስልኩን ለሙህዲን ሰጠችው። ራሷ ማየት አልቻለችም።

ሙህዲን ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ይኼማ ጂራታ ነው» አለ። «የድንኳኑ ሠራተኛ። ቅድም ከእኔ ሲጋራ ገዝቷል። መኪናው እስኪመጣ ቀድሞ ደርሶ ነው፤ እናንተ ግባ፣ ብላ ብላችሁት ይሆናል።»

«ብረት ሲነቅል የነበረው ቱታ የለበሰ ነበር» አሉ አቶ ለሜሳ።

«ኮቱን አውልቆ ነዋ፣ ጋሼ። በኮት ብረት ይሸከማል?»

አቶ ለሜሳ ለድንኳኑ ባለቤት ደወሉ፤ ባለቤቱ የጂራታን ቁጥር ሰጣቸው። ሲያነሳው የመኪና ጥሩምባ ከስልኩ ወጣ። ሌንሳ ከአባቷ እጅ ነጠቀችው።

«ልጄ የት አለች? ቢጫ ሹራብ የለበሰችው።»

«ያቺ ትንሿ? እዚያው ናት እንጂ። ሱሪዬን ይዛ አልለቅም ብላኝ ነበር። ብረቱ እንዳይወድቅባት መኪናው ላይ ሸራው ላይ አስቀመጥኳትና ጓደኛዬን አውርዳት አልኩት።» ድምፁ ራቀ። «አንተ፣ ያቺን ልጅ አወረድካት አይደል?»

መልሱ አልተሰማም። ጥሩምባው ብቻ ተሰማ።

«ምን አለ?» አለች ሌንሳ።

«አንተ ያወረድካት መስሎኝ አለ።»

«ሸራው የት ነው?»

«ከታች ነው። እጥፋቱ ውስጥ ገብታ ተኝታ ይሆናል፤ ሳናያት ሌላውን ሸራ ደርበንበታል። ወንበሩ ከላዩ ነው። እኔም ከላዩ ተቀምጫለሁ።»

«አውርዱት» አለች። የራሷ ድምፅ አልመሰላትም። «ሁሉንም አውርዱት።»

የመኪናው ጣሪያ ሲደበደብ ተሰማ። ከዚያ የፕላስቲክ ወንበር አስፋልት ላይ ሲረግፍ፣ ሾፌር ሲሳደብ፣ ከኋላ ያሉ መኪኖች ሲያንባርቁ። ቃሊቲ መግቢያው ላይ መንገድ ዘግተዋል። ሌንሳ ስልኩን በጆሮዋ ላይ ተጭና አፈሩ ላይ ተቀምጣለች። አቶ ለሜሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ከባድ ሸራ ሲጎተት ተሰማ። አንድ ጊዜ። እንደገና።

«ጫማዋን አገኘሁ» አለ ጂራታ።

ሌንሳ ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ ሳል መጣ። ቀጭን፣ ደረቅ ሳል። ቀጥሎ ሩት ከእንቅልፍ ስትነሳ የምታለቅሰው ለቅሶ፤ የተኮሳተረው፣ ሌንሳ ጠዋት ጠዋት የምትቆጣበት ለቅሶ።

ያመጣት ራሱ ጂራታ ነው። ፀጉሯ አቧራ፣ ጀርባዋ ላብ፣ አንድ ጫማ በእግሯ ሌላው በእሱ ኪስ። ሌንሳ ተቀበለችውና ደረቷን በጆሮዋ አዳመጠች። ሰውዬው በሩ ላይ ቀረ።

«ግባ እንጂ» አሉ አቶ ለሜሳ።

«አልገባም፣ አባቴ። የበላሁት ይበቃኛል።»

ማምሻውን ሩት እናቷ ጭን ላይ ተኝታ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሌንሳ የላከችው ፎቶ በሁለቱ ወገን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጥቶ ነበር። ከሥሩ ብዙ ልብ ተደርድሯል። የሆነውን ገና ያልሰማችው አደሴ «አየሽ፣ አሁን የእኛ ሰው ብቻ፤ ማንም አልጎደለም» ብላ ጽፋለች።

ሌንሳ ግንቡን አየችው። በጣም ንጹሕ ነበር። ስልኩን በፊቱ ደፋችውና እጇን የልጇ ጀርባ ላይ አድርጋ ትንፋሿን መጠበቅ ጀመረች።